«ማንኛውም ጥገና»

ዛሬ የምጽፈው ሽሮ ሜዳ ስላለችው የእናቴ ሱቅ የኪራይ ውል ነው። ከእናንተ መካከል አከራይ አለ፣ ተከራይ አለ፣ እንደ እኔ በአንድ በኩል እያከራየ በሌላ በኩል የሚከራይም አለ። ሒሳብ አለበት፤ ከሒሳብ መምህር ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሱቋ ከግቢያችን አጥር ጋር ተያይዛ የተሠራች፣ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነች፣ ቆርቆሮ የለበሰች የብሎኬት ክፍል ናት። አባቴ ነው ያሠራት። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ የምትተዳደረው በእሱ ጡረታና በዚህች ሱቅ ኪራይ ነው። ጡረታው አስቤዛ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷ የሚገዛው ከኪራዩ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት ውስጥ «ኪራይ ይጨመር» የሚለው ወሬ የስግብግብነት ወሬ አይደለም፤ ከፋርማሲ ደረሰኝ የሚጀምር ወሬ ነው።

ተከራያችን የሐበሻ ልብስ ትሰፋለች፣ ትሸጣለችም። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቴን «እማማ» ትላለች፣ እኔን «ጋሼ»። በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦ ታመጣለች፤ እናቴም ስትታመም መጀመሪያ የምትደርስላት እሷ ናት፣ እኛ ልጆቿ ከየቦታችን እስክንሰበሰብ። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ሁሉ እያለ ውላችን መጥፎ ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ያኔ በ2014 ዓ.ም. ውሉን ለሦስት ዓመት ስናድስ አንድ ደላላ የሰጠኝን ፎርም ነበር የገለበጥኩት። ኪራይ በወር 12,000 ብር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ፤ ከዚያ በታች ደግሞ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር፦ «ማንኛውም ጥገና ተከራይን ይመለከታል።» ስጽፋት ምንም አልመሰለኝም። እሷም ስትፈርም ምንም አላለችም። ሁለታችንም የበር ቁልፍና የተሰበረ መስታወት ነበር የታየን።

አምና ነሐሴ ውስጥ ጣሪያው አፈሰሰ። ማታ ዘንቦ ጠዋት ስትከፍት ሦስት ጥበብ ቀሚስ ላይ ቡናማ ውኃ ወርዶባቸው አገኘቻቸው። ነጭ ሸማ ላይ የዝገት ውኃ ከወረደ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አይለቅም። ደወለችልኝ። እኔ ምን አልኳት? «ውሉን እስቲ እዪው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እሺ ጋሼ» ብላ ዘጋች። ሠራተኛ ጠርታ አስደፈነችው፣ ሸራም ደረበችበት። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ዘንድሮ ውሉ ሰኔ 30 ሊያበቃ ስለሆነ ሚያዝያ ላይ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የዕቃው ሁሉ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። እህቴ ደላላ አነጋግራ መጥታ «20,000 ይከራያል» አለች። እናቴ ደግሞ «ልጅቷን እንዳታስለቅሱብኝ» አለች። እኔ መሐል ሆኜ 18,000 የሚል የውል እድሳት ሐሳብ ጻፍኩ። የጥገናዋን ዐረፍተ ነገር እንዳለች ተውኳት። ደብዳቤውን ለተከራያችን ሰጥቼ «አይተሽ በሳምንት መልስ ስጪኝ» አልኳት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። አንድ ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ከዓመት አንዴ በላይ መጨመር አይቻልም፣ አዲስ አዋጅ አለ» አለኝ። ብዙ ሰው ይሄን ይላል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው፤ ስሙም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ነው። ሱቅ አይነካም። ለሱቅ በዋናነት የሚሠራው ሁለቱ የተስማሙበት ውልና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ የሱቅ ተከራይ ከሆናችሁ ያንን አዋጅ ይዛችሁ አከራይ ዘንድ አትሂዱ። ወረቀታችሁን አንብቡ።

ሳምንቱ ሳይሞላ መጣች። በእጇ ደብዳቤውን ሳይሆን አንድ ፌስታል ይዛለች። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው፤ ደረሰኝና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሒሳብ አስተማሪ ነዎት፤ ይደምሩት» አለችኝ።

ደመርኩት። ጣሪያ ሁለት ጊዜ ማስደፈን 9,600 ብር። የበሰበሰ ኮርኒስ መቀየር 8,500። የተቃጠለ ሽቦና ብሬከር 6,000። የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ 5,000። የበር ጓንጉል 2,300። በሦስት ዓመት 31,400 ብር። ለ36 ወር ሳካፍለው በወር 872 ብር ይመጣል። እኔ 12,000 ነው የምትከፍለው ስል የነበረው 12,872 ነበር።

«ይሄ ያለፈው ነው» አለች። «የሚመጣው ነው እኔን ያሳሰበኝ። ቆርቆሮ የሚሠራ ሰው ወጥቶ አይቶት ነበር። ከአሁን በኋላ አይደፈንም፣ መቀየር አለበት አለኝ። ማንኛውም ጥገና የእኔ ከሆነ፣ እሱም የእኔ ነው ማለት ነው?»

በወረቀቱ መሠረት መልሱ «አዎ» ነበር። አፌ ላይ ግን አልወጣም።

በማግስቱ መሰላል ተሸክሜ ከቆርቆሮ ሠሪው ጋር እኔው ራሴ ወጣሁ። የጣሪያ ችግር የማን እንደሆነ ከታች ቆሞ መከራከር ዋጋ የለውም፤ መውጣት ነው። ሰውዬው በጣቱ እያሳየ አስረዳኝ። ሰው ረግጦት ወይም ዕቃ ወድቆበት የተበላሸ ቆርቆሮ ይጎረብጣል፤ ጉዳቱም አንድ ቦታ ላይ ነው። ያረጀ ቆርቆሮ ግን የሚበሳው በሚስማሮቹ ዙሪያ ነው። የሚስማሩ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃ በዚያ ገብቶ ከሥር ያዝገዋል። የእኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ በየሚስማሩ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ከሥር ያለው እንጨትም በሁለት ቦታ በስብሷል። አሸንዳው ደግሞ ወደ ታች ማዘንበል ሲገባው መሐሉ ላይ ረግቧል፤ ዝናብ ሲበረታ ውኃው ሞልቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ይሄ ሁሉ የስምንት ዓመት ተከራይ ያመጣው አይደለም። አባቴ ካለበሰው ጀምሮ ያልተነካ ጣሪያ ነው።

ዋጋውን ሠራልን፤ ቆርቆሮ፣ እንጨት፣ ሚስማር፣ አሸንዳ፣ የእጅ ዋጋ ጨምሮ 58,000 ብር።

ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። አዲሱ ውል ሁለት ዓመት ነው። እሷ ጣሪያውን ብታሠራ 58,000 ለ24 ወር ይካፈላል፤ በወር 2,417 ብር። ያ ማለት 18,000 ብዬ የጻፍኩላት ኪራይ ለእሷ ከ20,400 በላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብትወጣ ደግሞ ጣሪያውን ጠቅልላ አትወስደውም፤ ለእኛ ይቀራል። አሁን ያንኑ ጣሪያ እኛ ብናሠራውስ? ቆርቆሮ ሠሪው በደንብ ከተሠራና በየጊዜው ከታየ አሥራ አምስት ዓመት አያሳስባችሁም ብሎናል። 58,000 ለ180 ወር ሲካፈል በወር 322 ብር ነው።

አንድ ጣሪያ ነው። ለእሷ በወር 2,417፣ ለእኛ 322። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ማካፈል አስተምሬ ይሄን ሳላይ ሦስት ዓመት መቆየቴ ገረመኝ። ረጅም ዕድሜ ያለውን ዕቃ አጭር ጊዜ በሚቀመጠው ሰው ላይ ስትጭኑ የዕቃው ዋጋ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ተከራዩም ሞኝ አይደለም፤ አያሠራውም፤ ሸራ ይደርብበታል። ሸራው ሥር እንጨቱ ይበሰብሳል። በመጨረሻ የሚከፍለው ያው ባለቤቱ ነው፣ ያውም ጨምሮ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉንም አውጥቼ አየሁት። የሚገርመው ሕጉ ይሄን ቀድሞ አስቦታል። ውሉ ምንም ካላለ በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ የቧንቧ መክፈቻ የመሳሰሉት በአጠቃቀም የሚመጡ ትንንሽ ጥገናዎች የተከራይ ናቸው። ነገር ግን ጉዳቱ ከእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣ ከሆነ ተከራዩን አይመለከትም። ማለትም ዕቃው ምንድን ነው ብቻ ሳይሆን ለምን ተበላሸ ብሎም ይጠይቃል። ውሉ ዝም ባለበት ነው ይሄ የሚሠራው እንግዲህ። የእኛ ውል ዝም አላለም። «ማንኛውም» ብሏል። ያቺን መስመር ጭራሽ ባልጽፋት ኖሮ ይሻለን ነበር።

ጣሪያው ግልጽ ነበር። ያስቸገረን መብራቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ብሬከሩ በየቀኑ እየወደቀ አንድ ቀን ሽቦው ተቃጥሎ ሸተተ። እሷ «ሽቦው አሮጌ ነው» ትላለች። እህቴ «ሁለት ካውያ እየሰካሽ ነው» ትላለች። ኤሌክትሪሻን አመጣን። ሁለቱንም ካውያ አጥፍቶ ስፌት መኪናዎቹንና አምፖሎቹን ብቻ ለቀቃቸው፤ ብሬከሩ አልወደቀም። አንድ ካውያ ጨመረ፤ አልወደቀም። ሁለተኛውን ሲጨምር ጥቂት ቆይቶ ወደቀ። ካውያዎቹ እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት ናቸው። በ220 ቮልት ሲካፈል አንዱ 9 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሁለቱ 18። ብሬከሩ 16 ነው። እህቴ «አላልኩም?» አለች።

ሰውዬው ግን የሶኬቱን ክዳን ፈቶ ሽቦውን አሳየን። ሶኬት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ መሆን ሲገባው የእኛ 1.5 ነው፤ የአምፖል ሽቦ። አባቴ ሱቋን ሲያሠራ ሻይ ቤት እንጂ ካውያ የሚሰካ ሰው ይገባባታል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ጭነቱ የእሷ ነው፣ ቅጥነቱ የእኛ ነው። የተስማማነውም እንደዚያው ነው፦ ከቆጣሪው እስከ ሶኬቶቹ ያለውን ሽቦ በሚገባው ውፍረት እኛ እንቀይራለን፣ 7,500 ብር። ለሁለተኛው ካውያ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ከፈለገች እሷ ታስገባለች። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ብቻ እንደማይበቃም ኤሌክትሪሻኑ በአጽንኦት ነገረን፤ ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ማድረግ እሳት መጋበዝ ነው። ይሄን የምታደርጉ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት።

አሁን ወደ ኪራዩ። 18,000 ከየት መጣ? እውነቱን ልናገር፣ 20,000 ከደላላው ስለመጣ ሁለት ሺሕ ቀንሼ ደግ ለመምሰል ነው። ስለዚህ እንደገና ሠራሁት። እሷ ብትወጣና ደላላው እንዳለው በ20,000 ብናከራየው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሱቁ ስንት ወር ባዶ ቢቆም ነው ከእሷ ጋር የምንስማማበት ኪራይ እኩል የሚሆነው? እኔ የያዝኩት ለመጀመሪያው ዓመት 15,500፣ ለሁለተኛው 17,000 ነው። በሁለት ዓመት 390,000 ብር። በ20,000 ሒሳብ የደላላውን 10,000 ቀንሰን አራት ወር ባዶ ከቆመ ልክ 390,000 ይመጣል። ሁለት ወር ብቻ ባዶ ከቆመ 40,000 እናተርፋለን። እኛ መንገድ ላይ ግን ከጥር ጀምሮ የተዘጉ ሁለት ሱቆች አሉ፤ በሚያዝያም «የሚከራይ» የሚለው ወረቀት አልተነሳም። በዚያ ላይ 20,000 የሚከፍል ሰው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አይገባም። ጣሪያው በሁለቱም መንገድ የእኛ ወጪ ነው።

እህቴ አልተዋጠላትም። ያነሳችውም ቀላል ነገር አይደለም። «አንተ የምትሠራው የሁለት ዓመት ሒሳብ ነው። እናታችን መድኃኒት የምትገዛው በየወሩ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። 390,000 ብር ውስጥ ጣሪያው አለ፣ ሽቦው አለ። እናቴ ደግሞ ከነዚህ ሌላ አንድ ውሳኔ ጨመረችበት። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አስነበበችኝና «የጣሪያውንና የኮርኒሱን መልሱላት» አለች። 18,100 ብር ነው። እህቴ «ፈርማለች እኮ!» ስትል እናቴ «ፈርማለች፣ ዝናቡን ግን እሷ አላመጣችውም» ብላ በቃ ዘጋችው። ተከራያችን እንዲመለስላት አልጠየቀችም ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲቀነስ ለእናቴ በሁለቱ ዓመት የሚተርፋት በወር 12,770 ገደማ ነው። ካለፈው ውል የሚበልጠው በ770 ብር ብቻ። በዚህ ዘመን 770 ብር ምን ይገዛል አትበሉኝ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን ጣሪያውም ሽቦውም ተከፍሎ አልቋል።

ሁለተኛውን ሐሳብ በሁለት ገጽ ጻፍኩት። የኪራዩን መጠን ከላይ አላስቀመጥኩም። መጀመሪያ የጥገናውን፣ ከዚያ ኪራዩን። ጥገናውን በዚህ መልክ ነው ያሰፈርኩት፦

«ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ግድግዳ፣ ከቆጣሪ እስከ ሶኬት ያለ የመብራት መስመር፣ እና ከሱቁ ውጭ ያለ የውኃና የፍሳሽ ቱቦ አከራይን ይመለከታል። የበር ቁልፍና ማጠፊያ፣ መስታወት፣ አምፖል፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የውስጥ ቀለም፣ እንዲሁም በተከራይ ወይም በደንበኞቿ አጠቃቀም የደረሰ ማንኛውም ጉዳት ተከራይን ይመለከታል። ጉዳቱ ከእርጅና ነው ከአጠቃቀም የሚለው ላይ ካልተስማሙ ሁለቱም የሚስማሙበት ባለሙያ አይቶ ይወስናል፤ የባለሙያውን ክፍያ ጥፋቱ የተገኘበት ወገን ይችላል።»

የመጨረሻዋን መስመር ያስገባኋት በመብራቱ ጉዳይ ነው። ዝርዝር ብቻ ቢሆን ያ ሽቦ የማን እንደሆነ አይነግረንም ነበር።

ቀጥሎ አስቸኳይ ጥገና። አከራይ ተነግሮት በሦስት ቀን ካላሠራ፣ ተከራይ እስከ 5,000 ብር አሠርታ በደረሰኝ ከሚቀጥለው ኪራይ ትቀንሳለች ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። አንብባ አንብባ እዚች ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የስድስት ወር ኪራይ ከፍዬ ቁጭ ካልኩ ከየትኛው ኪራይ ነው የምቀንሰው?»

ሳቅኩ። ግን ትክክል ነበረች። ቅድሚያ ለከፈለ ሰው «ከኪራይ ይቀነሳል» የሚል መብት ወረቀት ላይ ብቻ ያለ መብት ነው፤ ቧንቧ በመስከረም ቢፈነዳ ገንዘቧን የምታገኘው በጥር ነው። አከራዮች ይሄን የሚያደርጉት ሆን ብለው ላይሆን ይችላል፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ለወጥነው፦ አከራይ ደረሰኙ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያውም ከስድስት ወር ወደ ሦስት ይወርዳል።

ግን የጣሪያው 58,000 ከየት ይምጣ? ሦስት ወር ማለት 46,500 ብር ነው፤ ጣሪያውን እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ መፍትሔውን ያመጣችው እሷው ናት። የመጀመሪያውን ዙር ብቻ እንደ ድሮው የስድስት ወር፣ 93,000 ብር፣ እከፍላለሁ አለች፤ ውሉ እስኪጀምርም ሳትጠብቅ ግንቦት ላይ፣ ጣሪያው ከክረምት በፊት ተሠርቶ እንዲያልቅ። የሚመለስላትን 18,100 ደግሞ ከሁለተኛው ዙር እንቀንስላት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ። እኛም ጣሪያና ሽቦ ከፍለን 27,500 ቀረን። ያ ለስድስት ወር የእናቴ ወጪ አይበቃም፤ እኔና እህቴ በየወሩ አራት አራት ሺሕ ልንጨምር ተስማማን። እህቴ እየከፈለች ነው፤ በየወሩ እያስታወሰችኝ ጭምር።

ጣሪያው በግንቦት መጨረሻ በሁለት ቀን ተሠራ። የሁለቱን ቀን ኪራይ ልቀንስላት ስል ተወው አለችኝ፤ ግን ጽፌ አስፈረምኳት፣ 800 ብር፣ ወደፊት ሌላ አከራይ ሌላ ተከራይ ሲመጣ ልማዱ ይቅር ብዬ። ቀሚሶቹ በሙሉ እናቴ ሳሎን ውስጥ ተሰቅለው ነበር። እናቴ መሐላቸው ቁጭ ብላ ሁለት ቀን ጎረቤት ስታስጎበኝ ዋለች፤ እንዲያውም አንድ ጋቢ ሸጣለች።

ከፊርማው በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር አደረግን፣ ይሄን ሁላችሁም ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ሱቁን ባዶውን፣ ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን፣ ሶኬቶቹን፣ በሩን፣ ወለሉን ፎቶ አነሳን። አሥራ አንድ ፎቶ። አሳትመን በየጀርባው ቀን ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፤ አንድ ቅጂ እሷ ጋ፣ አንድ ቅጂ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ። በሁለት ዓመት ውስጥ «ይሄ ስንጥቅ ድሮም ነበር» «አልነበረም» የሚባል ነገር ከመጣ ፎቶው አለ። በርግጥ አንድ ስንጥቅ አሁንም አለ፣ ከበሩ በላይ፤ ፎቶ ቁጥር አራት ነው።

ውሉን ሰኔ 23 ፈረምን። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቅጂ። የኪራይ ገቢ ግብሩ የእኛ የአከራዮቹ መሆኑንም በአንድ መስመር አስገብተናል፤ ደላላው ይሄንንም ወደ እሷ ላዙረው ብሎኝ ነበር።

ያልጨረስነው አንድ ነገር የአሸንዳው መውረጃ ነው። አዲሱ አሸንዳ ከአሮጌው የበለጠ ውኃ ይሰበስባል፤ አሁን የሚወርደው የጎረቤታችን አጥር ሥር ነው። ጎረቤታችን ባለፈው እሑድ እናቴን ቡና ላይ አንስተውባታል። ቱቦውን ወደ ግቢያችን ለማዞር ስድስት ሜትር መቆፈር አለበት። የማን ወጪ እንደሆነ ውሉን ማየት አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ልቆፍር ነው፤ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ አካፋ ይዛችሁ ብትመጡ ምሳ እናቴ ጋ ነው።